ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱ፦ ለዴሊቨሪ ሥራ ያገለገለ ሞተር ሳይክል አመራረጥ

ዴሊቨሪ የሚሠራ ሞተር ሳይክል በቀን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። በወር 26 ቀን ከሠራ 2,600፣ በዓመት ደግሞ ከ31,000 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ለግል ጉዳይ ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን ያህል መንገድ ለመጨረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ለዴሊቨሪ የሚገዛ ሰው ጥያቄ ከሌላው ገዢ ይለያል። ፍጥነቱ ስንት ነው፣ መልኩ ያምራል ወይ የሚለው ወደ ኋላ ይቀራል። ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ሞተር ሳይክል ሲበላሽ ስንት ቀን ያቆመኛል? የቆመበት ቀን ገቢ የለውም፤ የጥገናው ወጪ ግን አለው።

ከዚህ በታች የምንለው በአዲስ አበባ ላይ የተመሠረተ ነው። በሌላ ከተማ ለሚሠራ ሰው የሚለወጠውን በየቦታው እንጠቁማለን። «ሞተር ሳይክል» ስንል ሙሉውን ተሽከርካሪ፣ «ሞተር» ስንል ደግሞ ኃይል የሚያመነጨውን ክፍል ብቻ ነው።

ስንት ሲሲ ይበቃል?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ኃይሉም አብሮ ይቀንሳል። በካታሎግ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ባለ 150 ሲሲ እዚህ የሚሰጠው ወደ 9 ገደማ ነው። 8 የሚባለው ባለ 100 ሲሲ ደግሞ ወደ 6 ይወርዳል። ባለ 100ው በሜዳ ላይ ችግር የለበትም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ከኋላ 20 ኪሎ ዕቃ የያዘ ሳጥን ጭኖ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሲወጣ ግን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያለቀሰ ነው የሚሄደው። ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ፣ ነፋስ ሳያገኝ ረጅም ዳገት ሲወጣ ይግላል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፒስተኑን የሚከብበው ፋሻም ቶሎ ያልቃል። ባለ 100ው በዋጋው ርካሽ ሆኖ ሳለ በዳገታማ ሰፈር ዕድሜው የሚያጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ከፍ ማለት ይሻላል ብሎ 200 ሲሲ መግዛትስ? እዚህ ላይ የነዳጁ ሒሳብ ይመጣል። በካርቡራተር የሚሠራ ጤነኛ ባለ 150 በ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ባለ 200ው ወደ 3.5 ሊትር ይጠጋል። ልዩነቱ በቀን አንድ ሊትር፣ በወር 26 ሊትር ነው። በየወሩ 26 ሊትር ቤንዚን ከኪስ ወጥቶ የሚገኘው ጥቅም ዳገቱን ትንሽ ቀለል አድርጎ መውጣት ብቻ ነው፤ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ትርፉን ፍጥነት የሚጠቀምበት ቦታ የለም። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ከ125 እስከ 150 ሲሲ ያለው ትክክለኛው መጠን ነው እንላለን። የሚሠሩበት ሰፈር ዳገት ከበዛበት 150ውን ይያዙ። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ግን ባለ 100 ወይም ባለ 125 አያሳፍርም። ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ስለምትል ያው ሞተር እዚያ ይበልጥ ጉልበት አለው፤ የሚያስጨንቀው ሙቀቱ ነው።

ከከፍታው ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፣ በምርመራ ጊዜ ስለሚያሳስት አሁኑኑ ይታወቅ። ካርቡራተር ከፋብሪካ ሲወጣ ለወፍራም አየር ተስተካክሎ ነው። እዚህ ሲመጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። ቤንዚኑን የሚያሳልፈውን ዋናውን ጂግለር በአንድ ቁጥር አነስ ባለው ቀይሮ ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ ካንዴላው ደረቅ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ሞተር ሳይክሉን አይተዉት። የሚያስፈራው ጥቁሩ እርጥብና ዘይታማ ሲሆን ነው።

መለዋወጫው የት ነው ያለው?

በከተማው ጎዳና ላይ ብዙ የሚታየው ባጃጅ ቦክሰር ነው፤ ቲቪኤስም አለ፣ የሲጂ ዓይነት ሞተር ያላቸው የቻይና ሥሪቶችም አሉ። ያማሃና ሆንዳም ይገኛሉ፤ በተለይ ከመሥሪያ ቤትና ከእርዳታ ድርጅት የወጡ። የያማሃና የሆንዳ ጥራት አያከራክርም። ይሁን እንጂ ለዴሊቨሪ ሠራተኛ ጥራት ማለት የሚሰበረው ዕቃ ነገ ጠዋት በሱቅ መደርደሪያ ላይ መገኘቱም ጭምር ነው። በጣም ጠንካራ ሞተር ሳይክል አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣለት ሦስት ሳምንት ከቆመ፣ በየስድስት ወሩ አንድ ቀን ከሚቆመው የባሰ ነው።

ስለዚህ የሚገዙትን ሞዴል ከመምረጥዎ በፊት አንድ ጠዋት ይመድቡ። የሞተር ሳይክሉን ትክክለኛ ስምና ሲሲ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከሥሩ አሥር ዕቃዎች ይዘርዝሩ፦ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ ሰንሰለት ከነጥርሶቹ፣ ፒስተን ከነፋሻው፣ የሲሊንደር ራስ ጋርኒሲዮን፣ ካርቡራተር፣ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያዘው ሲዲአይ፣ ባትሪ የሚሞላው የሽቦ ጥቅል፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያ። ከዚያ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ሰፈርዎ አካባቢ ያሉ ሦስት ሱቆች ገብተው ዕቃው አሁን አለ ወይ፣ ዋጋውስ ስንት ነው ብለው ይጠይቁ። «እናመጣለን» የሚለውን መልስ «የለም» ብለው ይመዝግቡ። ከአሥሩ ስምንቱ ቢያንስ በሁለት ሱቅ ከተገኙ ሞዴሉ ለሥራ ይሆናል። ከስምንት ካነሱ፣ ሞተር ሳይክሉ የቱንም ያህል ቢረክስ ይለፉት።

በዝርዝሩ መጨረሻ ያሉትን ሦስቱን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በተለይ ይከታተሏቸው። ፒስተንና የፍሬን ሸራ ለብዙ ሞዴሎች በብዛት ስለሚገቡ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፉም። ሲዲአይ ግን መሰኪያው ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። አንድ ቀን በድንገት ሲሞት ሞተሩ ብልጭታ አጥቶ መንገድ ላይ ይቆማል፤ በመካኒክ ብልሃት የሚጠገንም አይደለም።

የቻይና ሥሪቶችን የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። አብዛኞቹ የተሠሩት በሆንዳ ሲጂ 125 ንድፍ ላይ ስለሆነ በስም ቢለያዩም በውስጥ ይመሳሰላሉ። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የፒስተኑ ስፋት በሲሲው ይለያያል፦ በባለ 125ው 56.5 ሚሊ ሜትር፣ በባለ 150ው 62፣ በባለ 200ው 63.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ62 እና በ63.5 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን አይታይም። «የሲጂ ፒስተን» ብቻ ብለው ከገዙ ሞተሩ ተፈትቶ ባለበት ቀን ዕቃው አልገባ ብሎ ሌላ ቀን ያስወጣዎታል። ሁልጊዜ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ።

ምርመራው የሚጀምረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው

ለሻጩ ስልክ ሲደውሉ አንድ ነገር ብቻ ይለምኑት፦ «እባክህ ከመምጣቴ በፊት አታስነሳው።» ሲደርሱ መጀመሪያ እጅዎን ወደ ሞተሩ ጎን ቀረብ አድርገው ሙቀቱን ይሞክሩ። ሞቆ ካገኙት ሻይ ጠጡና ቆዩ፣ ወይም በሌላ ቀን ተመለሱ። ያረጀ ሞተር ከሞቀ በኋላ ብዙ ጉዱን ይደብቃል። ጠዋት አልነሳ የሚለው፣ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ የሚተፋው፣ የሚንኳኳው፣ ሁሉም የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው።

ከማስነሳትዎ በፊት ዘይቱን ይመልከቱ። መክደኛውን ፈተው መለኪያውን ሲያወጡ ቡና የመሰለ ጥቁር ዘይት ቢያገኙ የተለመደ ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። በጣም አዲስና ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ለምን አሁን ተቀየረ ብለው ይጠይቁ፤ ሻጩ ጥሩ ባለቤት ሊሆን ይችላል፣ የብረት ቅንጣት ያለበትን ዘይት ያስወገደም ሊሆን ይችላል። ወፍራም ዘይት ተጨምሮም የሚጮህ ሞተር ለሁለት ቀን ዝም ሊል ይችላል።

አሁን ያስነሱት። ሞተሪኖውን ብቻ አይጠቀሙ፤ በእግር እየረገጡም ይሞክሩ። በእግር ሲረግጡ መሃል ላይ ጠንከር ብሎ ሊገፋዎት ይገባል። ያለ ምንም ተቃውሞ የሚወርድ ከሆነ ግፊቱ ደክሟል። ከሁለት እስከ አራት ርግጫ ቢነሳ ጤነኛ ነው።

ጭሱን ለማንበብ ከኋላ ሌላ ሰው ይቁም። በብርድ ጠዋት የሚታይ ነጭ እንፋሎት በማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው፣ ወዲያው ይጠፋል። ጥቁሩ የቤንዚን መብዛት ነው፣ ቀደም ብለን ያነሳነው። ሰማያዊው ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ከየት እንደሚመጣ መለየት ብዙ ገንዘብ ያድናል። ሞተሩን ቤንዚን ሳይሰጡት ለሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት፣ ከዚያ ድንገት ቤንዚን ይስጡት። አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ወጥቶ ከጠፋ፣ ዘይቱ የሚወርደው በቫልቮላው ጎማ በኩል ነው። የሲሊንደሩ ራስ ወርዶ ጎማዎቹ ይቀየራሉ፣ ቀላል ሥራ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ሲያወጣ ያለማቋረጥ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፤ ይህ ሙሉ የሞተር ሥራ ነው።

መካኒክዎ የግፊት መለኪያ ካለው ያስለኩ። ነገር ግን ቁጥሩን ሲያነቡ ከፍታውን አይርሱ። በባሕር ዳርቻ 150 እስከ 170 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚያሳየው ከ115 እስከ 130 ገደማ ነው። በመጽሐፍ ያለውን ቁጥር ብቻ የሚያምን ሰው ጥሩ ሞተር ጥሎ ይሄዳል። ከ100 በታች ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው የላላው፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፍኖለታል። ምንም ካልተለወጠ ግፊቱ የሚያመልጠው በቫልቮላ በኩል ነው።

ድምፁስ? ከላይ የሚሰማ ቀጭን «ጠቅ ጠቅ» በሲጂ ዓይነት ሞተሮች ላይ የተለመደ ነው፣ የቫልቮላው ክፍተት ሲስተካከል ይቀንሳል። ጨርሶ ዝም ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ዝም እንዲል ተብሎ ከልክ በላይ የተጠበቀ ቫልቮላ በደንብ አይዘጋም፤ እሳቱ ጠርዙን ይበላዋል። ከታች የሚመጣ ከባድ «ዱቅ ዱቅ»፣ ቤንዚን ሲሰጡት የሚብስ፣ የፒስተኑ ዘንግ ኩሺኔታ ነው። ሞተሩ ለሁለት ካልተከፈለ አይጠገንም። ይህን ከሰሙ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፣ ወደ ቤት ይመለሱ።

ሰንሰለቱ፣ መሪውና ሻንሲው ያለፈ ታሪኩን ይነግራሉ

የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ማንም አይመን። ገመዱ ተነቅሎ ለአንድ ዓመት የተነዳ ሞተር ሳይክል ቆጣሪው የቆመበትን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ቆጣሪው 18,000 እያለ የእግር ማሳረፊያው ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ የመሪው እጀታ ከለሰለሰ፣ የማርሽ መቀየሪያው ላይ ያለው ሸካራነት ጠፍቶ ከሆነ እውነተኛው ቁጥር የዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

ሰንሰለቱ በሜትር ስለሚለካ ለክርክር አይመችም። በ100 እና በ150 ሲሲዎቹ ላይ በብዛት የሚገጠመው 428 የሚባለው ነው፤ ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሰንሰለቱን ወጠር አድርገው ከአንድ ፒን ተነስተው 20 ክፍተት ይቁጠሩና ይለኩ። አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 259 ከደረሰ ጨርሷል። ሰንሰለቱ ሲረዝም የጥርሶቹን ጫፍ እንደ መንጠቆ ያጎብጣቸዋል፤ ስለዚህ የፊቱም የኋላውም ጥርስ አብሮ መቀየር አለበት። አሮጌ ጥርስ ላይ አዲስ ሰንሰለት ማድረግ አዲሱን በጥቂት ሳምንት ያስረጀዋል።

ቀጥሎ መሪው። ሞተር ሳይክሉን በመሃል መቆሚያው ያቁሙት፤ አንድ ሰው ከኋላ ተጭኖ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ያዙሩ። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ «ክትት» ብሎ የሚያዝ ከሆነ የመሪው ኩሺኔታ ተጎድጉዷል። በኮብልስቶን መንገድ የሚውል ሞተር ሳይክል ላይ የተለመደ ነው። በራሱ ርካሽ ጥገና ነው፤ ሳይጠገን ግን መሪው ቀጥ ብሎ መሄድ እየፈለገ ይጎትታል፣ በፍጥነት ላይም ያንቀጠቅጣል። ከዚያ የፊት ሾኩን እግሮች ከታች ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይግፉ። ከተንቀሳቀሰ ኩሺኔታው ላልቷል። በሾኩ የሚያብረቀርቅ ዘንግ ላይ የዘይት ቀለበት ካዩ ዘይቱን የሚያግደው ፓራሊዮ ያፈሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ሻንሲው። ሁለት ቦታ በባትሪ ይመርምሩ። አንደኛው ከመሪው ሥር፣ ዋናው ቱቦ ከመሪው አንገት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ የተሸበሸበ ቀለም፣ አዲስ የተቀባ ወይም ከፋብሪካው ብየዳ የተለየ ጉብታ ያለው ብየዳ ካለ፣ ሞተር ሳይክሉ ከፊት ተጋጭቷል። ይህን ከጥገና ጋር አንድ ላይ አይቁጠሩት። የተበየደ የመሪ አንገት አንድ ቀን ዳገት ሲወርዱ ሊለቅ ይችላል፤ በየትኛውም ዋጋ አይገዛም። ሁለተኛው ከመቀመጫው ጀርባ፣ የዕቃ መጫኛው የሚታሰርበት ነው። የዴሊቨሪ ሳጥን ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ጎማ ጀርባ ስለሚያርፍ እዚያ ያለው ቱቦ ይሰነጠቃል። እዚህ ያለ ንጹሕ ብየዳ በጥሩ ባለሙያ እጅ የተሠራ ከሆነ ይቻላል፤ ዋጋ ያስቀንስ እንጂ ግዢውን አያስቀርም።

የጎማዎቹን መስመር ለማየት ረጅም ክር በኋላ ጎማው በሁለቱም ጎን ወጥረው እስከ ፊት ጎማው ያድርሱ። የፊቱ ጎማ ቀጭን ስለሆነ ከክሩ በሁለቱም በኩል እኩል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። በአንድ በኩል ከተጣበቀ ወይ የኋላው አክስል ተጣሞ ታስሯል፣ ወይ ሻንሲው ተጣሟል። አክስሉን አስተካክለው እንደገና ሲለኩ ካልተመለሰ ሻንሲው ነው።

ኤሌክትሪኩን በአንድ የቮልት መለኪያ ይጨርሱታል። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.4 እስከ 12.7 ቮልት፣ ሞተሩ ተነስቶ ቤንዚን ሲሰጡት ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከ13 ካላለፈ ባትሪው እየተሞላ አይደለም፤ ስልክ እየሞሉ መሥራት አይችሉም፣ ስልክ ደግሞ ለዴሊቨሪ ሥራ እንደ ጎማ ነው። ከ15 ካለፈ የቻርጅ መቆጣጠሪያው ሞቷል፣ ባትሪውንና አምፖሎቹን ይጨርሳል።

በመጨረሻ ይንዱት፤ ዳገት ባለበት መንገድ። በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ቤንዚኑን ሙሉ ሲከፍቱ የሞተሩ ጩኸት ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ጉልበት ሲያገኝ ዘሎ ከወጣ የማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ችግር አለ፤ ለዚያም ሞተሩ መከፈል አለበት።

ወረቀቱ

በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ራስዎ ያንብቡ። የሻንሲው ቁጥር በመሪው አንገት ላይ ነው፤ ካልታየ ጠመኔ ይቀቡበት፣ ጎልቶ ይወጣል። የሕንድ ባጃጅ ቁጥር በMD2፣ የቲቪኤስ ደግሞ በMD6 ይጀምራል። ቁጥሩ ያለበት ቦታ በሞረድ የተላገ ከመሰለ ወይም ፊደላቱ እኩል ካልቆሙ ይተዉት።

ከመሥሪያ ቤት ወይም ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ሞተር ሳይክል ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ሳይቀርብ ስም አይዛወርም። ርካሽ ያሉት ዋጋ ቀረጡ ሲደመርበት ርካሽ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ተገድቧል፣ ለሥራ የሚንቀሳቀሰውም ፈቃድ ይጠየቃል። የሚገዙት ሞተር ሳይክል በያዘው ሰሌዳ ዴሊቨሪ መሥራት መቻሉን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም እዚያው ይረጋገጣል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ፣ የቦሎውና የመድኑ ቀን ካለፈ የማደሻው ወጪ የማን እንደሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ሁለት ሞተር ሳይክል፣ አንድ ገዢ

ለምሳሌ ያህል አንድ ገዢ ሁለት ምርጫ ቀረበለት እንበል። አንደኛው ቦክሰር 150 ነው፤ አምስት ዓመት የሠራ፣ ቆጣሪው 41,000 የሚል፣ ቀለሙ የደበዘዘ። ሁለተኛው ባለ 200 ሲሲ የሲጂ ዓይነት፤ ሁለት ዓመቱ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በዋጋውም ዝቅ ያለ።

ቦክሰሩ ቀዝቅዞ ተገኘ፤ በሦስተኛ ርግጫ ተነሳ። ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ አሳየ፣ ከሦስት ደቂቃ ሚኒሞ በኋላም ቤንዚን ሲሰጠው ቡፍ አለ። ዳገት ላይ ግን አላጨሰም። ግፊቱ 120 ፒኤስአይ ነው። ስለዚህ ፋሻው ጤነኛ ነው፤ የተበላው የቫልቮላው ጎማ ነው። የሰንሰለቱ 20 ክፍተት 261 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ አልቋል። መሪው መሃል ላይ ይያዛል። በኋላ ጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር 2217 ይላል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. 22ኛ ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፣ ላስቲኩም ተሰነጣጥቋል። ቮልቱ 14.1 ነው። ሻንሲው ንጹሕ ነው።

ገዢው ከዚያው በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄዶ የአራቱን ዋጋ ጠየቀ፦ የቫልቮላ ጎማ ከነጋርኒሲዮኑ፣ ሰንሰለት ከነሁለቱ ጥርስ፣ የመሪ ኩሺኔታ፣ የኋላ ጎማ። አራቱም በዚያው ቀን አሉ። የመካኒክ ዋጋ ጨመረበት፤ ሥራው ሁለት ቀን ስለሚፈጅ የሁለት ቀን ገቢውንም ደመረ። ድምሩን ይዞ ወደ ሻጩ ተመለሰና ያንን ከዋጋው እንዲቀንስ ጠየቀ። ዝም ብሎ «ቀንስልኝ» ከማለት በወረቀት የተጻፈ ሒሳብ ማቅረብ በእጅጉ ይሻላል፤ ሻጩም ለሚቀጥለው ገዢ ያንኑ መመለስ እንዳለበት ያውቃል።

ሁለተኛው ሞቆ ጠበቀው። ጭስ የለም፣ ድምፁም ያምራል። ከታንከሩ ሥር በባትሪ ሲታይ ግን የመሪው አንገት አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ በቀለሙ ሥር ጎበጥ ያለ ብየዳ ይታያል። ክሩ ሲወጠርም የፊት ጎማው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ አክስሉ ተስተካክሎ እንደገና ሲለካም ያው ነው። ሲዲአዩን በሦስት ሱቅ ጠይቆ ሁለቱ «እናመጣለን» አሉት። ገዢው የወሰደው የደበዘዘውን ቦክሰር ነው።

ስሙ ተዛውሮ ቁልፉን የተቀበለ ዕለት መጀመሪያ የሚሠራው ዘይት መቀየር ነው። አሮጌው ዘይት በንጹሕ ነጭ ዕቃ ውስጥ ይንቆርቆር፤ ግራጫ ዱቄት መሳይ ነገር የተለመደ ነው፣ በጣት የሚያዝ የብረት ስንጣሪ ግን ለመካኒክ የሚታይ ነው። የሚገባው ዘይት 20W-50፣ በጣሳው ላይ JASO MA የሚል ያለበት ይሁን። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ የመኪና ዘይት ማንሸራተቻ ቅመም ካለበት ፍሪሲዮኑ መያዝ ያቅተዋል። መጠኑ በአብዛኞቹ ላይ አንድ ሊትር አካባቢ ስለሆነ በመለኪያው ልክ ይሞላ። ከዚያ የቆጣሪው ቁጥር በታንከሩ ጎን በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ለዴሊቨሪ ሥራ ቀጣዩ ለውጥ 2,500 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ማለትም ከአንድ ወር በኋላ ነው።